ጥያቄና መልስ፦ ስድስት ወር ሊሞላው ነው፣ ምግብ ልጀምርለት?

የናቲ እናት፦ አምስት ወር ከሦስት ሳምንቱ ነው። ሌሊት ደጋግሞ ይነቃል፣ ጣቱንም ይጠባል። ርቦት ይሆን? ትናንት ገንፎ ባቀምሰው በምላሱ ገፍቶ አወጣው።

ሲስተር፦ መንቃቱም ጣት መጥባቱም በዚህ ዕድሜ ያለ ነው፤ ጡቱን ደጋግመሽ ስጪው። ይልቅ ሦስት ነገር አብረው ሲመጡ ተመልከቺ። ደገፍ አድርገሽ ስታስቀምጪው አንገቱን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ያየውን ዕቃ ጨብጦ ወደ አፉ ያደርሳል፣ በማንኪያ የሰጠሽውን ይውጣል። በምላሱ የገፋው ጠልቶት አይደለም፤ ባዕድ ነገር አፉ ሲገባ የመግፋት ተፈጥሮው ገና አልለቀቀውም። ስድስት ወር ሲሞላው እንደገና ሞክሪ። ከዚያ በላይ ግን አታቆዪው፤ ከማህፀን ይዞት የመጣው ብረት በዚያ ሰሞን እያለቀ ይሄዳል።

እትዬ፦ ገንፎ ለጨቅላ ይከብዳል። አጥሚት ቀጠን አድርገሽ በጡጦ ስጪው፣ ማር ጠብ አድርጊበት።

ሲስተር፦ እትዬ፣ ይለስልስ ማለትዎ ልክ ነው። ሆዱ ትንሽ ስለሆነች ግን ቀጭን አጥሚት በውሃ ይሞላትና ለምግቡ ቦታ አይተርፍም። ማንኪያውን ዘንበል ሲያደርጉት ገንፎው ሳይፈስ ከቆየ ልኩ ነው። ከጠጠረ በታለበ የጡት ወተት ያላሉት። ማር ዓመት ሳይሞላው ፈጽሞ አይሰጥም፤ በውስጡ ሊኖር የሚችል ተህዋስ ሕፃንን ክፉኛ ይመርዛል። ስኳርና ጨውም ይቅርበት።

የናቲ እናት፦ ዱቄቱን እንዴት ላዘጋጀው? ስንት ልስጠው?

ሲስተር፦ ሦስት እጅ እህል፣ ጤፍ ወይም ገብስ፣ ከአንድ እጅ ተቆልቶ ከተከካ ሽምብራ ጋር አስፈጪው። ጡት ከጠባ በኋላ፣ ረሃብ ሳያስለቅሰው፣ በአንድ ሁለት የሻይ ማንኪያ ጀምሪ። እየለመደ ሲሄድ በአንድ ጊዜ ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ፣ በቀን ሁለቴ ሦስቴ ይበላል። ፊቱን ካዞረ በቃው ማለት ነው፤ አታስገድጂው። ገንፎ ብቻውን ብረቱን አይሞላም፤ በደንብ የበሰለ እንቁላል አስኳሉንም ነጩንም ፈጭተሽ፣ ሥጋም ስታገኚ አድቅቀሽ ጨምሪበት።

ሰላም፦ ታዲያ ጡት ልታስጥዪው ነው? የእኔ ገና አንድ ዓመቷ ነው፣ አላስጣልኳትም።

ሲስተር፦ ማስጣል አይደለም፣ ሰላም። ጡት እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥላል፤ ምግቡ ይታከልበታል።

የመንትዮች እናት፦ የእኔዎቹ በ34 ሳምንት ተወለዱ። ዕድሜያቸውን ከተወለዱበት ቀን ልቁጠር ወይስ መወለድ ከነበረባቸው?

ሲስተር፦ በዚህ ላይ ሐኪሞችም አንድ ቃል የላቸውም። ቀኑ ብቻውን አይወስንም፤ አንገታቸውንና አዋዋጣቸውን እይ። ሁለቱ እኩል ላይደርሱ ይችላሉ፣ ስለዚህ አንዱን ለሌላው ብለሽ አታስቸኩዪ። ቀድመው የተወለዱ ልጆች ብረት ቶሎ ስለሚያልቅባቸው፣ የብረት ጠብታ ያስፈልጋቸው እንደሆነ የሚከታተላቸውን ሐኪም አሁኑኑ ጠይቂ።