«አንቀጹ ፍትሐዊ ነው?»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በፈረምኩት ውል ውስጥ ያለ አንድ አንቀጽ በጣም ከብዶኛል። ፍትሐዊ ነው ይላሉ? ፍርድ ቤት ብሄድስ ያሰርዝልኛል? (ከካሳንቺስ)

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። የአንቀጹን ቃልና የውሉን ዓይነት ስላልጻፉልኝ በደፈናው ብመልስ አሳስትዎታለሁ። «አንደኛው ወገን በፈለገ ጊዜ ያለ ምክንያት ውሉን ማቋረጥ ይችላል» የሚል አንቀጽ ነው እንበል። አሠሪ በሥራ ውል ውስጥ ቢያስገባው፣ የሙከራ ጊዜውን በጨረሰ ሠራተኛ ላይ አይሠራም፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ስንብት ሕጋዊ ምክንያት እንዲኖረው ያስገድዳልና። በመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ውስጥ ከሆነ ደግሞ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 የኪራይ ዘመኑን ከሁለት ዓመት እንዳያንስ አድርጎታል፤ አከራዩ በዚህ አንቀጽ ተመክቶ በወሩ ልቀቁ ማለት አይችልም። ያው ቃል በሱቅ ኪራይ ውል ላይ ሲሆን ግን ሁለቱም አዋጆች አይደርሱለትም፤ ወደ ፍትሐ ብሔር ሕጉ እንመለሳለን።

እዚያ ብዙ ሰው የሚደናገጥበት ነገር አለ። የሕጉ ቁጥር 1710 ውሉ አንደኛውን ወገን እጅግ ስለሚጠቅም ብቻ አይፈርስም ይላል። ዳኛው የሚመረምረው ፈቃድዎ እንዴት እንደተገኘ ነው፤ ሌላኛው ወገን ችግርዎን፣ የዋህነትዎን፣ እርጅናዎን ወይም ግልጽ የሆነ የንግድ ልምድ ማነስዎን መጠቀሚያ አድርጎ ነው ያስፈረመዎት? ይህን የማስረዳት ሸክም የእርስዎ ነው።

አንዲት ደንበኛዬ ፒያሳ ውስጥ ሱቅ የተከራዩት ባለቤታቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳለ ነበር። የመድኃኒት ደረሰኞቹን በፌስታል ይዘው መጡ፤ ቀናቸው ከውሉ ፊርማ ጋር አንድ ሳምንት ነው። አከራዩም ያሉበትን ጭንቀት ያውቅ እንደነበር የሚመሰክር ጎረቤት ነበራቸው። እኔ ግን መጀመሪያ የጠየቅኳቸው የፊርማውን ቀን ነው። ሐምሌ 2013 ነው አሉኝ፤ የመጡት መስከረም 2016 ነው። በቁጥር 1710 መሠረት ውል ይፍረስልኝ የሚል ክስ ውሉ ከተደረገ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ማስረጃው እያለ በሩ ተዘግቶ ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ አንቀጹን ብቻ ቀድተው አይላኩልኝ፤ ሌላ ገጽ ላይ ያለ ቃል ትርጉሙን ሊለውጠው ይችላል። የውሉን ሁሉንም ገጾች፣ አባሪ ካለውም አባሪውን፣ ፎቶ አንስተው ይላኩ። በፈረሙበት ሰሞን ምን ችግር ላይ እንደነበሩ፣ ያንን ማን ያውቅ እንደነበርም ይጻፉልኝ። ሁለት ዓመቱ ሊሞላ ከተቃረበ የእኔን መልስ አይጠብቁ፤ ዛሬውኑ ጠበቃ ያነጋግሩ።