ሰርተፊኬቱን «እንሰጣለን» ካሉሽ

«ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። በቴሌግራም ያገኘሁት የሳይበር ሴኩሪቲ ኮርስ አለ። ስድስት ሳምንት ነው፣ 14,000 ብር። ሲያልቅ ሴኩሪቲ ፕላስ የሚባለውን ዓለም አቀፍ ሰርተፊኬት እንሰጣለን፣ ሥራም በዋስትና እናስገባለን ይላሉ። እስከ ዓርብ ካልከፈልሽ ቦታው ይሞላል አሉኝ። ልክፈል?»

እህቴ፣ ብሩን አትላኪ። ጥርጣሬዬ የጀመረው «እንሰጣለን» ከምትለዋ ቃል ነው።

ሴኩሪቲ ፕላስን የሚሰጠው ኮምፕቲያ የተባለው የአሜሪካ ድርጅት ብቻ ነው፤ የሚሰጠውም ኮርስ ለጨረሰ ሳይሆን ፈተናውን ላለፈ። ፈተናው 90 ደቂቃ ነው፣ ጥያቄው ቢበዛ 90፣ ማለፊያው ከ900 ነጥብ 750። የምትፈተኚው ፒርሰን ቪዩ በተባለው ፈታኝ ድርጅት በኩል ነው፤ ወይ ጣቢያው ሄደሽ መታወቂያ አሳይተሽ፣ ወይ ቤትሽ ሆነሽ በካሜራ እየተጠበቅሽ። አስተማሪ ያዘጋጅሻል እንጂ ወረቀቱን አይሰጥሽም። ስለዚህ ፈተናውን የት እንደምትቀመጪ፣ ክፍያውም በ14,000ው ውስጥ መኖሩን ጠይቂ። «የምትፈተኚው እኛው ጋ ነው» ካሉሽ፣ የሚሰጡሽ የራሳቸውን ወረቀት ነው።

ኪውአር ኮድ አለው ብለው እንዳያሳምኑሽ። አንድ ልጅ እንዲህ ያለ ሰርተፊኬት ይዞ መጥቶ ኮዱን በስልኬ ሳነሣው የተከፈተው የሻጩ የራሱ ገጽ ነበር፤ ሻጩ ለራሱ ምስክር ሆኗል ማለት ነው። እውነተኛው ሰርተፊኬት ላይ ያለው ማረጋገጫ ቁጥር የሚጣራው በኮምፕቲያ በራሱ ድረ ገጽ ነው። ልጁን ያሳዘነው ደግሞ የገንዘቡ ነገር አልነበረም። ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ የሰርቨር ሎግ፣ ማለትም ሰርቨሩ ላይ የሆነው ሁሉ የሚመዘገብበትን ጽሑፍ፣ አሳይተው «እዚህ ላይ ምን ይታይሃል?» ሲሉት የሚመልሰው አጣ።

የሥራ ዋስትናውን በተመለከተ፣ በሕጋዊ ትምህርት ቤት እንኳ ቁጥሩ እንዴት እንደሚሠራ እዪ። ላምዳ ስኩል የተባለው የአሜሪካ የኮዲንግ ትምህርት ቤት (ኋላ ብሉምቴክ ተባለ) ከተማሪዎቼ ከ71 እስከ 86 በመቶው ሥራ ያገኛሉ እያለ ያስተዋውቅ ነበር። የአገሩ የሸማቾች ፋይናንስ ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2024 እንዳስታወቀው ግን የትምህርት ቤቱ የውስጥ መረጃ የሚያሳየው ወደ 50 በመቶ ገደማ ነበር። ኃላፊው «መቶ በመቶ ሥራ ይዘዋል» ብሎ በትዊተር የጻፈለት አንድ ዙር ደግሞ የተቆጠረው በአንድ ተማሪ ብቻ ነበር። አንቺም ባለፈው ዙር ስንት ተመዘገቡ፣ ስንቱ ጨረሱ፣ ስንቱ በዚህ ሙያ ተቀጠሩ ብለሽ ጠይቂ፤ ከተቀጠሩትም ሁለቱን ራስሽ አነጋግሪ።

እውነተኛው ሴኩሪቲ ፕላስ ራሱ ብቻውን አያስቀጥርም። ብዙ ሰው የሚጀምረው ከአይቲ ድጋፍ ሥራ፣ ኮምፒውተርና ኔትወርክ ከመጠገን ነው። ለሙያው መሆንሽን ለማወቅ professormesser.com ላይ የሴኩሪቲ ፕላስ ቪዲዮዎቹ ሙሉ በሙሉ በነጻ አሉ፤ በእንግሊዝኛ ናቸው። ሁለት ሳምንት ተከታተይና የገባሽንና ያልገባሽን ጽፈሽ ላኪልኝ፤ ከዚያ በመነሣት መክፈል ያለብሽን ኮርስ አብረን እንመርጣለን።