«3,500 ብር አስገቢ፣ 4,550 ትወስጃለሽ»

«በአካውንቲንግ ከተመረቅሁ ስምንት ወሬ ነው። በቴሌግራም ቪዲዮ ላይክ የማድረግ ሥራ አግኝቼ በሁለት ቀን 240 ብር በቴሌብር ገብቶልኛል። አሁን 3,500 ካስገባሁ በግማሽ ሰዓት 4,550 እንደምወስድ ነገሩኝ። አጎቴ ብሩን ሊያበድረኝ ነው፤ እስከ መቼ ቤት ትቀመጫለሽ ይለኛል። ላስገባ? እንግሊዝኛዬም ደካማ ነው፣ ላፕቶፕም የለኝም።»

አታስገቢ። 240 ብሩ እውነተኛ ስለሆነ ነው ያመንሻቸው፤ የከፈሉሽም ለዚሁ ነው።

እስቲ ብሩ ሲገባ የመጡትን የቴሌብር መልእክቶች መልሰሽ አንብቢ። ላኪው ድርጅት ነው ወይስ የግለሰብ ስም? በሁለቱ ቀን ያው ሰው ነው ወይስ የተለያየ? በዚህ ዓይነት ማጭበርበር ብሩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከማይታወቁ ግለሰቦች ነው፤ አካውንታቸውን ካከራዩ ወይም እንደ አንቺ ከተታለሉ ሰዎች። ነገ አንቺንም «የሚገባልሽ ገንዘብ አለ፣ 10 በመቶ አስቀርተሽ ቀሪውን እዚህ ቁጥር ላኪ» ሊሉሽ ይችላሉ። የተዘረፈ ሰው ሲከስ መጀመሪያ የሚገኘው ስም ያንቺ ይሆናል።

3,500 ብታስገቢ ምን ይመጣል? ምናልባት 4,550ው በእርግጥ ይገባልሻል። ብዙዎች የሚታለሉት እዚህ ላይ ነው፤ «ሞክሬዋለሁ፣ ይሠራል» ብለው። ቀጥሎ 9,000 ይጠየቃል፤ ይህን ጊዜ ግን «ሥራው ሦስት ደረጃ አለው፣ ሳይጨረስ ገንዘብ አይወጣም» ይባላል። ሁለተኛው ደረጃ ላይ በድረ ገጻቸው ሂሳብሽ ከዜሮ በታች ወርዶ ይታያል፤ እሱን ለመሙላት ሌላ ብር ትልኪያለሽ። መጨረሻ ላይ ስክሪኑ 21,000 ብር ያሳይሻል። «ላውጣ» ስትዪ 20 በመቶ ግብር፣ ማለትም 4,200 ብር ቀድመሽ እንድትከፍዪ ይነግሩሻል። ከከፈልሽ የቅጣት፣ የማረጋገጫ፣ የማፋጠኛ እያሉ ይቀጥላሉ። ስክሪኑ ላይ ያለው ቁጥር እነሱ የጻፉት እንጂ የትም ባንክ የተቀመጠ ገንዘብ አይደለም።

መለያው ቀላል ነው። «ክፍያውን ካለኝ ሂሳብ ላይ ቀንሱና ቀሪውን ላኩልኝ» በያቸው። ገንዘቡ ካለ መቀነስ ምን ያቅታል? «ሲስተሙ አይፈቅድም» ካሉ ጉዳዩ አልቋል። አንቺ ደግሞ አካውንታንት ነሽ፤ የደመወዝ ግብር አሠሪው ከደመወዙ ላይ ቀንሶ ለገቢዎች እንደሚያስገባ ተምረሻል። ግብርን በግለሰብ ቴሌብር የሚሰበስብ አሠሪ የለም።

ግሩፑ ውስጥ «ዛሬ 18,000 ወጣልኝ» እያሉ ስክሪንሾት የሚለጥፉትን አትቁጠሪያቸው፤ አንድ ሰው አሥር ስም ይዞ ይጽፋል። ይልቅ የድረ ገጹን አድራሻ lookup.icann.org ላይ አስገብተሽ የተመዘገበበትን ቀን ተመልከቺ። «ከ2015 ጀምሮ እየሠራን ነው» የሚል ድርጅት ድረ ገጹ የሦስት ሳምንት ዕድሜ ካለው ውሸት ነው። የቆየ መሆኑ ግን ንጽሕናውን አያረጋግጥም፤ ያረጀ አድራሻ ገዝቶ መጠቀምም አለ።

ክፍያ ሁሉ ማጭበርበር ነው ማለቴም አይደለም። ለምሳሌ Upwork በሚባለው የኦንላይን ሥራ መድረክ ላይ ለሥራ ለማመልከት የሚያስፈልጉ Connects የሚባሉ ነጥቦች ይገዛሉ። ልዩነቱ ገንዘቡ የሚከፈለው ለመድረኩ ለራሱ እንጂ ለአሠሪው አለመሆኑ ነው። ውል ሳይታሰር «ወደ ቴሌግራም እንሂድ» የሚል አሠሪ ደግሞ የመድረኩን ደንብ እየጣሰ ነው።

አጎትሽን በተመለከተ በግልጽ ልናገር። ቤት መቀመጥሽ አሳስቧቸው ከሆነ 3,500 ብሩን ለፒችትሪ የሂሳብ ሶፍትዌር ሥልጠና ያበድሩሽ። የአንድ ሱቅ ወይም የአንድ ትንሽ ኦዲት ቢሮ የስድስት ወር መዝገብ በእጅሽ ሠርተሽ ብትይዥ፣ በኋላ ኦንላይንም ቢሆን የምታሳዪው ነገር ይኖርሻል። ላይክ ማድረግ ሲቪ ላይ አይጻፍም። እንግሊዝኛው ከሥራው ጋር ይሻሻላል፤ ላፕቶፑ ለጊዜው አይቸኩልም።

ከግሩፑ ከመውጣትሽ በፊት ውይይቱን፣ የተጠቃሚ ስማቸውንና የክፍያ መልእክቶቹን ስክሪንሾት አንሺ። የመታወቂያሽን ፎቶ ልከሽላቸው ከሆነ የቴሌብር ፒንሽን ዛሬውኑ ቀይሪ፤ በኤስኤምኤስ የሚመጣልሽን ኮድ ለማንም አትስጪ። ይህ ደብዳቤ ሳይደርስሽ አስገብተሽ ከሆነም የግብይት ቁጥሩን ይዘሽ ለቴሌብር ደንበኞች አገልግሎት ወይም ለላክሽበት ባንክ (ንግድ ባንክ ከሆነ 951) ወዲያው ደውዪ፣ ከዚያ ፖሊስ ጣቢያ አመልክቺ። ገንዘቡ ከተቀባዩ አካውንት ወዲያው ስለሚወሰድ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ከሳምንት በኋላ «የተዘረፈ ብርሽን እናስመልሳለን፣ ቅድሚያ 1,000 ብር» ብሎ የሚጽፍልሽ ከመጣ፣ እነዚያው ሰዎች ናቸው ብለሽ ዝጊው።