«አሁን የት ነህ?»

1991 ዓ.ም. ነው፤ ለቅሶ ቤት። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጡ የድሮ ጎረቤት ጠጋ አሉና «አሁን የት ነህ?» አሉኝ። ጥያቄው ስለ ቦታ እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። የት መሥሪያ ቤት ነህ ማለታቸው ነው። የምሠራበት ፕሮጀክት ተዘግቶ ቤት ከዋልኩ 7 ወር ሆኖኝ ነበር። «አለሁ» አልኩና ንፍሮዬን መቆርጠም ቀጠልኩ።

እሳቸው ነገሩ ወዲያው ገባቸው። ሌላም አልጠየቁኝም። እኔን ያመመኝ ግን ይኸው አለመጠየቃቸው ነበር። በቋንቋችን ሥራ ያለው ሰው «የት ነህ» ሲባል የሚጠራው ቦታ አለው። ሥራ የሌለው ሰው የትም የለም።

ልጆቼ፣ እኔ የሒሳብ ባለሙያ ነበርኩ፤ አሁን ጡረተኛ ነኝ። በዚያን ጊዜ በድምሩ 17 ወር ያለ ሥራ ተቀምጫለሁ። ይህንን የምጽፈው ተመርቃችሁ ዓመት ሁለት ዓመት ለቆያችሁና ከሥራ ወጥታችሁ ቤት ለዋላችሁ ነው። ሥራ እንዴት እንደሚገኝ አልነግራችሁም፤ እሱን የሚነግራችሁ ሞልቷል። የምጽፍላችሁ ስለ ማክሰኞ ነው። ምንም ስለሌለበት ማክሰኞ።

ሥራ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚጠፋው ገንዘብ ይመስላል። እኔ ላይ ከገንዘቡ እኩል የጠፋው ቀኑ ነው። ረቡዕ ይሁን ሐሙስ ባለቤቴን መጠየቅ ጀመርኩ። ቀጥሎ ጺሜን መላጨት ተውኩ። ከዚያ መንገድ መቀየር መጣ። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ የድሮ ባልደረቦቼ ሰርቪስ የሚጠብቁበት ፌርማታ ነበር። ዳቦ ለመግዛት ስወጣ በእነሱ ፊት ላለማለፍ በጓሮው በኩል እዞር ነበር። መጨረሻ ላይ ዳቦውን ልጄ እንድትገዛ አደረግሁ። «እኔ ማን ነኝ?» የሚለው ትልቅ ጥያቄ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። በሩን የከፈቱለት እነዚያ ትንንሽ ነገሮች ናቸው።

ይህ የእኔ ድክመት ብቻ አለመሆኑን ያወቅሁት ቆይቶ ነው። ኦስትሪያ ውስጥ፣ ከቪየና ብዙም ሳይርቅ፣ ማሪየንታል የሚባል መንደር ነበር። ነዋሪው በሙሉ ማለት ይቻላል ኑሮው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላይ የተመሠረተ ነበር። በዓለም የኢኮኖሚ ቀውስ ጊዜ ፋብሪካው ተዘጋ። እነማሪ ያሆዳ የተባሉ ወጣት ተመራማሪዎች እዚያ ሄደው የሰዎቹን ውሎ አጠኑ፤ ውጤቱንም በ1933 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አወጡ። ሰው ጊዜ ተረፈው ማለት ያነባል ብላችሁ ትጠብቃላችሁ። ከቤተ መጻሕፍቱ የሚወጣው መጽሐፍ ግን ቀነሰ፤ ለዚያውም ክፍያው ተነሥቶ። ተመራማሪዎቹ በመስኮት ሆነው የመንገደኛውን እርምጃ ለኩ። ወንዶቹ ቀስ እያሉ፣ በየደረሱበት እየቆሙ ነበር የሚሄዱት። የውሎ ቅጽ ሙሉ ሲባሉ ደግሞ አንዱ ሰውዬ በረፋዱ ሰዓት ላይ ምን እንደሠራ መጻፍ አቅቶት «እስከዚያው ምሳ ሰዓት ይደርሳል» ብሎ አስፍሯል።

ይህቺን አረፍተ ነገር ሳነብ ሳቄ መጣ፤ ወዲያው ደነገጥኩ። ጓሮ ለጓሮ ስዞር የኖርኩት እሷን ነው።

አሁን ወደ እህቴ ልጅ ልውሰዳችሁ። ሲቪል ኢንጂነሪንግ ተመርቆ ሁለተኛ ዓመቱን ቤት ይዞ ነበር። «አጎቴ፣ ቀኑን ሙሉ ሥራ ስፈልግ ነው የምውለው» ይለኛል። ምክር አልሰጠሁትም። አንድ ደብተር ገዛሁለትና ለ7 ቀን ምን እንዳደረገ ብቻ በየሰዓቱ እንዲጽፍ ለመንኩት። ሳያሳምር፣ ሳያስተካክል። እሑድ ማታ አብረን ደመርነው። የሒሳብ ሰው ስለሆንኩ መደመር ይቀናኛል። የቴሌግራም የሥራ ቻናሎችን ወደ ላይ ወደ ታች ሲያንሸራትት ያሳለፈው 19 ሰዓት ሆነ። ማመልከቻ የጻፈበትና ማስረጃ የላከበት 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ልጁ አልዋሸኝም። በእውነት ድካም ተሰምቶታል፤ ግን የደከመው ሥራ በመፈለግ ሳይሆን የሌሎችን ማስታወቂያ በማየት ነው።

ደብተሩን ካያችሁ በኋላ ሁላችሁም የምትሠሩትን ስህተት ልንገራችሁ፤ እኔም ሠርቼዋለሁና። ፕሮግራም ማውጣት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 12 ሰዓት በማስመሪያ አስምሬ ሞላሁት፤ ስፖርት፣ ንባብ፣ እንግሊዝኛ፣ ማመልከቻ። በአራተኛው ቀን ፈረሰ። የፈረሰው ሰነፍ ስለሆንኩ አይደለም። ንባቤን ብዘል የሚጎዳ፣ የሚቆጣ፣ «ምነው ቀረህ?» የሚል ሰው ስለሌለ ነው። መሥሪያ ቤት የሚያስነሣን የግድግዳ ሰዓት አይደለም። የሚጠብቀን ሰው መኖሩ ነው።

ስለዚህ ቀኑን መሙላት ትታችሁ ካስማ ምቱ። ድንኳን በጨርቁ ብዛት አይቆምም፤ በካስማው ነው። ለአንድ ሳምንት ሦስት ካስማ ይበቃል። ካስማ የምለው ሦስት ነገር ሲያሟላ ነው፦ ቀንና ሰዓቱ የታወቀ፣ ከቤት ውጪ የሆነ፣ ብትቀሩ የሚጎድልበት ሰው ያለው። ጂም ለብቻ መሄድ ካስማ አይደለም። ከጓደኛ ጋር ተቀጣጥሮ መሮጥ ግን ነው፤ እሱ ፌርማታው ላይ ቆሞ ይጠብቃችኋላ።

የእኔ የመጀመሪያ ካስማ የሰፈራችን እድር ነበር። መዝገቡ ተዘበራርቆ ማን እንደከፈለ ማን እንዳልከፈለ አይታወቅም። ሊቀመንበሩ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ፣ አባላቱ ወርሃዊ መዋጮ ሲከፍሉ፣ እንድመዘግብላቸው ጠየቁኝ። ሰው ተሰልፎ የሚጠብቀው ነገር ስላለ ቅዳሜ ጺሜን ተላጨሁ። ቅዳሜን ስለማውቅ ዓርብን አወቅሁ።

የእህቴ ልጅ ካስማ እንዲህ ነው። ሰፈራችን የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ቤት የሚሠራ ሰው ይመጣና «ለአንድ ክፍል ጣሪያ ስንት ሲሚንቶ ይበቃኛል?» ይላል። ባለሱቁ በግምት ይነግረዋል፤ አንዳንዴ ይተርፋል፣ አንዳንዴ ደግሞ ሙሌቱ መሃል ላይ ያልቃል። ልጁ ማክሰኞና ዓርብ ከ3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት እዚያ ወንበር ይዞ እንዲቀመጥ ተስማማን። የመጀመሪያው ቀን ደንበኛ አንዲት እናት ነበሩ። 4 ሜትር በ5 ሜትር፣ ውፍረቱ 15 ሳንቲ የሆነ ሶሌታ። ልጁ ወረቀት ላይ አባዛ፤ 3 ሜትር ኩብ። ለሲ-25 ኮንክሪት በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ይዞ 1,080 ኪሎ አገኘ። ባለ 50 ኪሎው ከረጢት 22 መሆኑ ነው። ለብክነት አንድ ጨምሮ 23 አላቸው። አጠቃላይ ሥራው 5 ደቂቃ አልፈጀም። ቤት መጥቶ ግን ለእህቴ ሁለት ጊዜ ነገራት፤ እሷም ለእኔ ደወለች።

ክፍያው ምንም ነው። ምሳ ይጋበዛል፣ አልፎ አልፎ የትራንስፖርት ይሰጡታል። «ነፃ ጉልበት አይደለም ወይ?» የሚለኝ ይኖራል። ቀኑን ሙሉ፣ ሳምንቱን ሙሉ ቢሆን ኖሮ አዎ፣ ብዝበዛ ነው፤ እኔም አልስማማም። በሳምንት 6 ሰዓት፣ በሙያው፣ መጨረሻው ከታወቀ ግን ሌላ ነገር ነው። ሰዓቱ እየተንሸራተተ ዕቃ ማውረድና ሱቅ መጠበቅ ከመጣ ተሰናብቶ መውጣት ነው።

ሥራ ፍለጋውንም በቀን ወሰንነው፤ ሰኞና ሐሙስ ጠዋት። ሌላ ቀን የቻናሎቹ ድምፅ ዝግ ነው። መጀመሪያ «ያመልጠኛል» ብሎ ተከራከረኝ። የማስታወቂያዎቹን ግርጌ አንድ በአንድ አነበብን። አብዛኞቹ 5፣ 7 ወይም 10 የሥራ ቀናት ይሰጣሉ። በሳምንት ሁለቴ የሚያይ ሰው የሚያመልጠው ጥቂት ነው። በነዚያ ሁለት ጠዋቶች ደግሞ ማየት ብቻ አይደለም፤ ቢያንስ አንድ ማመልከቻ ሳይላክ አይነሣም።

የሴቶች ልጆቻችን ነገር ትንሽ ይለያል። ቤት የዋለች ልጅ ጊዜ አይተርፋትም፤ ቀኗ ከጠዋት እስከ ማታ ሙሉ ነው። ማታ «ምን ስትሠሪ ዋልሽ?» ስትባል ግን «ምንም» ትላለች። ማሪየንታልም ቢሆን ሴቶቹ የቤት ሥራው እያለባቸው ወደ ፋብሪካው መመለስ ይፈልጉ ነበር፤ ለደመወዙ ብቻም አልነበረም። ለእናንተ ካስማ ማለት በሳምንት ሁለት ጊዜ የማይነካ ከበር የመውጫ ሰዓት ነው። ሰዓቱን ለእናታችሁ ቀድማችሁ ንገሩ፤ በሩ ላይ ቆሞ መከራከር አያዋጣም።

ወንዶቹም ከመላላክ አትድኑም። «አንተ ሥራ የለህም አይደል?» ተብሎ ወረዳ ወረፋ መያዝ፣ አክስትን ሐኪም ቤት ማድረስ፣ የመብራት መክፈል ሁሉ ወደ እናንተ ይመጣል። እምቢ አትበሉ፤ ቤተሰብ ነው። «ከ8 ሰዓት በኋላ» በሉ። ይህቺ ቃል ለእናንተም ለእነሱም ጠዋቱ የተያዘ መሆኑን ታሳያለች።

ካስማ የማይረዳበትም ጊዜ አለ። ለሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለ፣ የምትወዱት ሁሉ ጣዕሙ ከጠፋ፣ ባልኖር ይሻላል የሚል ሐሳብ ከመጣ ይህ የፕሮግራም ጉዳይ አይደለም፤ ሕመም ነው። በተለይ የመጨረሻው ከመጣ ሁለት ሳምንት የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ቀን ለምታምኑት ሰው ንገሩና ጤና ጣቢያ ሂዱ። አዲስ አበባ ከሆናችሁ አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ስሙን እየሰማችሁ የምትቀልዱበትን ቀልድ አውቀዋለሁ። ተዉትና ሂዱ።

የእህቴ ልጅ ቋሚ ሥራ እስካሁን አላገኘም። ሁለት ቦታ ተፈትኖ አንዱ ላይ ተጠባባቂ ተብሏል። ባለፈው ማክሰኞ ጉንፋን ይዞት ተኝቶ ነበር። እኔም ልጠይቀው ሄጄ አጠገቡ ተቀምጫለሁ። 3 ሰዓት ከሩብ ላይ ስልኩ ጮኸ። ባለሱቁ ናቸው፤ ድምፃቸው እስከ እኔ ይሰማል።

«ኢንጂነር፣ የት ነህ? ሰው ይጠብቅሃል እኮ!»

ብርድ ልብሱን ገፈፈና ጫማውን መፈለግ ጀመረ።