ጥያቄና መልስ፦ የወፈረች ድመት በሚዛን ስትከሳ

«ድመቴ 6 ኪሎ ደርሳለች። ሐኪሙ 5 ኪሎ ብትሆን ጥሩ ነው አለኝ። ግን በቀን ስንት እንደምሰጣት አልነገረኝም። ከሱቅ የሚገዛ ደረቅ ምግብ ነው የምትበላው፤ ሳህኗ ባዶ ሆኖ አያውቅም።» (ከሽምብጥ)

ችግሩ ያለው ባዶ የማይሆነው ሳህን ላይ ነው። መጀመሪያ አሁን የምትበላውን ይወቁ። ጠዋት መዝነው ያስቀምጡላት፣ በማግስቱ የተረፈውን ይመዝኑ። ሦስት አራት ቀን እንዲህ ካደረጉ ልኩ ይታያል። ለምሳሌ 70 ግራም ሆነ እንበል።

ስሌቱ የሚሠራው ልትደርስበት በሚገባው ክብደት ነው፤ አሁን ባላት አይደለም። 5 ኪሎ የምትመዝን ድመት ተኝታ ብትውል እንኳ በቀን ወደ 230 ካሎሪ ያስፈልጋታል። ለማክሳት አብዛኛውን ጊዜ የሚጀመረው ከዚህ ሰማንያ በመቶው ላይ ነው፤ ማለትም 185 ካሎሪ አካባቢ። ከረጢቱን ገልብጠው ያንብቡ። በኪሎ 3700 ካሎሪ ካለ፣ አንዱ ግራም 3.7 ካሎሪ ነው። ስለዚህ የቀኑ ድርሻ 50 ግራም ይሆናል።

ከ70 ወደ 50 በአንድ ቀን አይውረዱ። አንድ ሳምንት 63፣ ቀጥሎ 56፣ ከዚያ 50 ያድርጉት። ተራ ምግብ ሲቀነስ ካሎሪው ብቻ ሳይሆን ፕሮቲኑና ቫይታሚኑም አብሮ ይቀንሳል። ስለዚህ ሐኪሙን ሳይጠይቁ ከ50 በታች አይሂዱ። ለማክሳት ተብሎ የተዘጋጀ ምግብ ካገኙ የተሻለ ነው። ያኔ ግን የራሱን ካሎሪ አንብበው ስሌቱን እንደገና ይሥሩ።

ግራም የሚለይ ሚዛን ቤት ውስጥ ከሌለ፣ ሰፈር ካለው ሱቅ 350 ግራም ያስመዝኑና ክዳን ባለው ጣሳ ያስቀምጡ። የሳምንት ቀለቧ ያ ነው። ሰባት ቦታ ይከፋፍሉት። ቤተሰቡ ሁሉ ከዚያ ጣሳ ብቻ ይስጣት። ሐሙስ ላይ ጣሳው ካለቀ፣ አንድ ሰው ደብቆ እየሰጣት ነው ማለት ነው። (ብዙ ጊዜ አያት ናቸው።)

«ዓቢይ ጾም ሲገባ ቤታችን ሥጋ የለም። እሷም ከእኛ ጋር ሽሮ በእንጀራ ብትበላ ወይ ሁለት ቀን ምግብ ባቋርጥባት ቶሎ አትከሳም? ሲርባት ትበላለች ይላሉ።» (ከዘንዘልማ)

ይህን አያድርጉ። ወፍራም ድመት ላይ ትልቁ አደጋ ይኸው ነው።

ድመት መብላት ስታቆም ሰውነቷ የተከማቸውን ስብ አውጥቶ ወደ ጉበት ይልከዋል። የድመት ጉበት ደግሞ ያን ሁሉ ስብ በፍጥነት አቃጥሎ ማለቅ አይችልም። ስቡ እዚያው ይጠራቀማል፣ ጉበቱ ሥራውን ያቆማል። የወፈረች ስትሆን የሚላከው ስብ ብዙ ነው፤ ለዚህ ነው ከቀጭኗ ይልቅ እሷ የምትጎዳው። ሁለት ሦስት ቀን ጭራሽ አለመብላት ሊያስጀምረው ይችላል። አንዴ ከጀመረ ደግሞ የምግብ ፍላጎቷን ራሱ ይዘጋዋል። «ሲርባት ትበላለች» የሚለው እዚህ ጋ አይሠራም።

ምልክቶቹን ይወቁ። ትፈዛለች፣ ታስመልሳለች፣ ምራቋ ይዝረከረካል። ድዷ፣ የዓይኗ ነጩ ክፍልና የጆሮዋ ውስጥ ቢጫ ይሆናል፤ በሰው ላይ «የወፍ በሽታ» የምንለውን ዓይነት ቢጫነት ነው። ቢጫው እስኪመጣ ግን አይጠብቁ። ወፍራም ድመት 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ሐኪም ጋ መውሰጃው ጊዜ ነው።

ሽሮውም አይሆንም። ድመት ሥጋ በል ናት። ታውሪን የሚባለውን ንጥረ ነገር የምታገኘው ከሥጋና ከዓሣ ነው፤ እሱ ለረጅም ጊዜ ከጎደላት ልቧና ዓይኗ ይጎዳል። በዚያ ላይ ሽሮው ውስጥ ያለው ቀይና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴል ያፈርሳል። ጾሙ የቤተሰቡ ይሁን፤ የሷ ጣሳ እንደነበረ ይቀጥል።

ምግብ መቀየር ካስፈለገ አዲሱን ከአሮጌው ጋር ቀላቅለው፣ በሰባት ወይም በአሥር ቀን ቀስ እያሉ ይተኩት። አዲሱን እምቢ ካለች አሮጌውን ይመልሱላት። እልህ አይጋቡ።

«ቤታችን ሐይቁ ዳር ነው። ጎረቤት ዓሣ ይጠብሳሉ። እኔ ብመጥን እነሱ ቆሮሶውን ያጎርሷታል። ምን ላድርግ?» (ከጣና ዳር)

ቆሮሶው ራሱ ጥፋት የለበትም። ተቀቅሎ አጥንቱ ከወጣለት 15 ግራም ያህሉ 20 ካሎሪ ገደማ ነው። ይህን ከሰጧት ከደረቁ ምግብ 5 ግራም ይቀንሱ፣ ሒሳቡ ይዘጋል። የሚያወፍራት ዘይቱ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት 40 ካሎሪ አለው። ከላይ ባሰላነው ልክ የቀኗ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። አንድ ሲኒ ወተትም ያንኑ ያህላል።

ጎረቤትን «አትስጧት» ማለት ብዙ ርቀት አይወስድም፤ ሰው ለድመት መቁረስ ደስ ይለዋል። ስለዚህ ከ50 ግራሟ ላይ 5 ግራም ቀንሰው በትንሽ ዕቃ ይስጧቸው፣ ስትመጣ እሱን ያጉርሷት። ዘይቱ ሲንተከተክ ደግሞ፣ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ቤት ውስጥ ትዋል። የተጠበሰ የዓሣ አጥንት ጉሮሮዋ ላይ ሊቀር እንደሚችልም ይንገሯቸው፤ ከክብደቱ ይልቅ ይህን ይሰማሉ።

«ሦስት ሳምንት መጥኜ ሰጠሁ። ሚዛኑ ያው ነው። ልቀንስባት?» (ከቀበሌ 14)

ገና ነው። 6 ኪሎ የምትመዝን ድመት በሳምንት ከ30 እስከ 60 ግራም ብትቀንስ ጥሩ ሄደች ይባላል። የሰው ሚዛን ደግሞ ብዙውን ጊዜ በ100 ግራም ነው የሚዘለው፤ ለውጡን አያየውም። ዘንቢል ውስጥ አስገብተው ግራም በሚለይ የሱቅ ሚዛን ይመዝኗትና የባዶውን ዘንቢል ክብደት ይቀንሱ። በየሁለት ሳምንቱ፣ በአንድ ሚዛን፣ ምግብ ሳይሰጧት በፊት ይሁን። በዚህ ልክ አንድ ኪሎ ለማውረድ ከአራት እስከ ስምንት ወር ይወስዳል።

እጅዎንም ይጠቀሙ። ጎኗን ሲዳስሱ የጎድን አጥንቷ ሳይጫኑ መገኘት አለበት፤ ከላይ ሲያዩአት ወገቧ መግባት አለበት። ወር ሙሉ ካልተለወጠ መጀመሪያ ጣሳውን ይመርምሩ፣ ከዚያ ሐኪሙን ያማክሩ። በተቃራኒው በሳምንት ከ120 ግራም በላይ ከቀነሰች ፈጥናለችና ምግቡን ጨመር ያድርጉ። እየበላች ያለ ልክ የምትከሳና ውኃ የምታበዛ ከሆነ ግን ስኳር ሊሆን ስለሚችል ትመርመር።

«ሁለት ድመት አለኝ፤ አንዱ ቀጫጫ ነው። ወፍራሟ የሱንም ትበላለች።» (ከጊዮርጊስ አካባቢ)

በተለያየ ክፍል፣ በር ዘግተው፣ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ያብሏቸው። ከ20 ደቂቃ በኋላ ሁለቱንም ሳህን ያንሱ። ክፍል ከሌለ የቀጭኑን ሳህን እሷ ዘላ የማትደርስበት መደርደሪያ ላይ ያድርጉት።

«ሌሊት አሥር ሰዓት ላይ እየጮኸች ታስነሳኛለች።» (ከሽምብጥ፣ ሌላ ጠያቂ)

ከቀኑ ድርሻ የመጨረሻውን ቁራጭ ልክ ሊተኙ ሲሉ ይስጧት። በጮኸች ሰዓት ተነሥተው ካበሏት ግን ነገም በዚያው ሰዓት ትጠራዎታለች።