መፍጫው ወይስ ዶሮ ቤቱ?

«ሱሉልታ ያለው ቦታዬ አንዱን ብቻ ነው የሚይዘው። የመኖ መፍጫ በ200 ሺህ ብር ባቆም ከዓመት በኋላ 300 ሺህ፣ ዶሮ ቤት በ2 ሚሊዮን ብሠራ 2.7 ሚሊዮን ይመለሳል። አይአርአሩ 50 እና 35 በመቶ ነው። መፍጫው አይሻልም?»

አይሻልም ወንድሜ። አይአርአር እያንዳንዱ ብር በስንት በመቶ እንደሠራ እንጂ በኪስህ ስንት ብር እንደገባ አይነግርህም። የገንዘብህ ዋጋ፣ ማለትም ገንዘቡ ሌላ ቦታ ቢሠራ በዓመት የሚያስገኝልህ፣ 20 በመቶ ነው እንበል። የሚመለሰውን በ1.2 አካፍለህ ወጪውን ስትቀንስ፣ በዛሬ ዋጋ የሚተርፍህ፣ ኤንፒቪ የሚባለው፣ ከመፍጫው 50 ሺህ፣ ከዶሮ ቤቱ 250 ሺህ ብር ይሆናል።

እኔ ሁልጊዜ ልዩነቱን ለብቻው አውጥቼ አየዋለሁ። ዶሮ ቤቱ 1.8 ሚሊዮን ጨምሮ ያስወጣል፣ 2.4 ሚሊዮን ጨምሮ ይመልሳል። የዚህ ጭማሪ አይአርአር 33 በመቶ ገደማ ስለሆነ ከ20 ይበልጣል። መፍጫውን የምመርጠው 1.8 ሚሊዮኑን በተመሳሳይ ስጋት ከ33 በመቶ በላይ የሚያሠራ ሌላ ሥራ በእጅህ ካለ ብቻ ነው።

የሚያሳስበኝ የዶሮ በሽታ ነው፤ አንድ ወረርሽኝ ቤቱን ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ መፍጫውን በ20 በመቶ ትተህ የዶሮ ቤቱን ኤንፒቪ ብቻ ከዚያ በሚበልጥ ምጣኔ አስላው። ዶሮ ቤቱ እስከ 31 በመቶ ድረስ ይመራል፤ 32 ላይ መፍጫው ይቀድመዋል።