የሰባተኛው ቤት «ባለቤት» ማን ነው?

«ስለ ኮከብ ቆጠራ ስጽፍ ሁለት ቃላት ያስቸግሩኛል። የሰባተኛው ቤት ‹ገዥ› ልበል ወይስ ‹ባለቤት›? ዲሰንዳንትንም ‹ተወላጅ› ብለው ሲተረጉሙት አየሁ። ልክ ነው?»

«ተወላጅ» ጨርሶ ልክ አይደለም። ተወላጅ የዘር ነገር ነው። ዲሰንዳንት ግን ሰው በተወለደባት ደቂቃ በምዕራብ አድማስ እየጠለቀ ያለው የዞዲያክ ዲግሪ ነው፤ ሰባተኛው ቤት የሚጀምረውም ከእሱ ነው። ግሪኮች «ዲሲስ» ሲሉት መጥለቅ ማለታቸው ነው፤ ዐረቦችም «ጋሪብ»፣ ጠላቂ፣ ይሉታል። የግእዙ «ዐረበ» የዚሁ ቃል ወንድም ነው። ምዕራብ ፀሐይ የምትጠልቅበት ነው፤ «ዓርብ»ም ከዚሁ ሥር ወጥቷል። ስለዚህ እኔ «ዐራቢ» ብለው ደስ ይለኛል፤ በምሥራቅ የሚወጣውን ትይዩ ነጥብ ደግሞ «ሠራቂ»። በንጉሡ ሠ ይጻፍ፤ በእሳቱ ሰ ከተጻፈ ሌባ ይሆናል። ሰዉ «ዲሰንዳንት»ን እንደለመደ አውቃለሁ። ካልሆነም «ጠላቂ» ይበቃል።

«ባለቤት» ላይ ነገሩ ይከብዳል። ኮከብ ቆጣሪዎች ሰማዩን በዐሥራ ሁለት ቤት ይከፍላሉ፤ ቤቱ የሚጀምርበትን የዞዲያክ ምልክት የሚገዛው ፕላኔት ነው የቤቱ «ገዥ» ወይም «ባለቤት» የሚባለው። «ቤት ካለ ባለቤት አለ፤ ገዥ የባዕድ ትርጉም ነው» የሚሉ አሉ። ልቤ ከእነሱ ጋር ነው። የግሪኩ «ኦይኮዴስፖቴስ» ራሱ የቤት ጌታ ማለት ነውና።

ግን አንድ ምሳሌ እንይ። ሠራቂዋ ሸርጣን 12 ዲግሪ የሆነች ሴት አለች እንበል። ዐራቢዋ 180 ዲግሪ ማዶ፣ ጀዲ 12 ላይ ይውላል። ጀዲን የሚገዛው ዙሐል፣ ማለትም ሳተርን ነው። ኮከብ ቆጣሪዎች መጀመሪያ ከጀዲ የአጋሩን ዓይነት ያነባሉ፦ ቁም ነገረኛ፣ ቁጥብ፣ ምናልባት በዕድሜ የሚበልጣት። ቀጥሎ ዙሐል የት እንዳለ ያያሉ። የሥራ ቤት በሆነው ዐሥረኛው ውስጥ ከሆነ፣ ትውውቁን በሥራ በኩል ይጠብቃሉ። ይህ ሁሉ በልደት ሰዓት ላይ ይቆማል። ሠራቂው በአማካይ በየ4 ደቂቃው አንድ ዲግሪ ይሄዳል። አንድ ሰዓት ተኩል ከተሳሳተ ሸርጣን ወደ አሰድ፣ ጀዲም ወደ ደለዊ ሊያልፍ ይችላል።

አሁን ይህን በአማርኛ ጻፉት፦ «የሰባተኛው ቤት ባለቤት ዐሥረኛው ቤት ውስጥ ነው።» አንባቢው ስለ ዙሐል ሳይሆን ስለ ባሏ ያነበበ ይመስለዋል። ሰባተኛው የትዳር ቤት ነው፤ «ባለቤቴ» ስንልም የትዳር አጋራችንን ነው። ሁለቱ ትርጉሞች አንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ይጋጫሉ።

ስለዚህ እዚህ ቦታ «ገዥ» ይሻላል። ሳልወድ ነው የምለው፤ ብዙዎችም ቀድመውኝ ወስነዋል። ስለ ሁለተኛው ወይም ስለ ዐሥረኛው ቤት ስጽፍ ግን «ባለቤት»ን አልለቅም።